የባለቤቴን ጡረታ በስሜ ለማስወሰን የጻፍኩት ማመልከቻ

ባለቤቴ ያረፈው በጥር ነው። ከ30 ዓመት በላይ አስተምሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። የምኖረው ሉማሜ ነው፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ። የእኔ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች «አንቺ እንዴት አድርገሽ አስጨረስሽው?» እያሉ ቤት ድረስ መጥተዋል። ለእነሱ ቡና ላይ ያወራሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሁላችንም «የባሌ ጡረታ ወደ ስሜ ይዙርልኝ» ነው የምንለው። ጡረታ ቢሮ ውስጥ ግን እሱ ይበላው የነበረው ገንዘብ እንዳለ ወደ ሚስት አይዞርም። የእሱ ጡረታ በሞቱ ይቆማል። ከዚያ ለሚስትና ለልጆች የተተኪ አበል የሚባል አዲስ ውሳኔ ይሰጣል። ለሚስት የሚደርሳት የእሱ አበል ግማሽ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይታሰብለታል። በሟቹ እጅ ይረዱ የነበሩ እናትና አባት ካሉም ድርሻ አላቸው። የሁሉም ድምር ግን እሱ ሲበላው ከነበረው አይበልጥም።

የእኛን ቤት ሒሳብ ላሳያችሁ። ባለቤቴ በወር 4,200 ብር ነበር የሚያገኘው። የእኔ ግማሽ 2,100 ብር ይሆናል። ትልልቆቹ ልጆቻችን ራሳቸውን ችለዋል፤ የመጨረሻዋ ግን ገና 15 ዓመቷ ነው። የእሷ 20 በመቶ 840 ብር። ሁለታችን ስንደመር 2,940 ብር። ይህን ቀድሜ ማወቄ ጠቀመኝ። ሙሉውን 4,200 ጠብቀው የውሳኔ ደብዳቤው ሲመጣ «ተበልቶብኝ ነው» ብለው ያለቀሱ ሴቶች አውቃለሁ። ማንም አልበላባቸውም፤ ሕጉ እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የኤቲኤም ካርዱ ነው። ልጄ በሰልስቱ ማግስት «እማዬ፣ የየካቲቱ ደመወዝ ይግባና ካርዱ እጃችን ላይ ስላለ እያወጣን እንቆይ፤ ከአርባው በኋላ እናሳውቃለን» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ የተዝካሩ ወጪ አስጨንቆት ነው። እኔ ግን ካርዱን ተቀብዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቢሮው መሞቱን እስኪያውቅ ድረስ ገንዘቡ በሟቹ ሒሳብ መግባቱን አያቆምም። ከሞተበት ወር በኋላ የገባው ግን የእሱ አይደለም፤ የእኔም አይደለም። በኋላ አበላችሁ ሲታሰብ ያቺ ገንዘብ ትነሳና ተቀናሽ ትሆናለች። ለብዙ ወራት ከወጣች ደግሞ ዕዳ ሆና ነው የምትጠብቃችሁ። የእኛ የየካቲት 4,200 ብር እንደገባ ሒሳቡ ላይ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ማመልከቻ ከመጻፌ በፊት ያደከመኝ ማስረጃው ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ አላስቸገረም። ቤት ውስጥ ነው ያረፈው፤ ቤተሰብና ምስክር ይዘን ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዘንድ ሄድን፣ ተመዝግቦ ወረቀቱ ተሰጠን። ሐኪም ቤት የሞተ ከሆነ ከሐኪም ቤቱ የሚሰጠውን የሞት ማሳወቂያ አትጣሉ፤ ቀበሌው እሱን ይጠይቃችኋል። እዚያው ቁጭ እንዳላችሁ ግን የተጻፈውን ፊደል በፊደል አንብቡት። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ጡረታ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በ«ጸ» የተጻፈ ስም በ«ፀ» ሲመጣ «ሌላ ሰው ነው» የሚል ሠራተኛ አለ። ቀበሌው ላይ ሳላችሁ ይታረማል፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ከወጣችሁ በኋላ ግን ሌላ ደጅ መጥናት ነው።

ራስ ምታቱ የጋብቻው ማስረጃ ነበር። እኛ የተጋባነው በቤተ ክርስቲያን ነው፣ በተክሊል። ወረቀቱ አለ፤ ግን የተጻፈው በክርስትና ስማችን ነው። እኔ እዚያ ላይ ወለተ ሥላሴ ነኝ። ቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ጥሩወርቅ ነኝ። ባለቤቴ ሥራ ሲጀምር በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ደግሞ፣ የባለቤት ስም በሚለው ቦታ፣ ቤት ውስጥ በሚጠራኝ ስም «ጥሩዬ» ብሎ ጽፎኛል። አንድ ሴት ሦስት ስም። ጡረታ ቢሮው እኔን ከእሱ ጋር የሚያገናኘው በዚያ ፋይል ነው። ሠራተኛዋ ፋይሉን አገላብጣ «እናቴ፣ ይህች ጥሩዬ እርስዎ ለመሆንዎ ምን ማስረጃ አለዎት?» አለችኝ። ስድብ አይደለም። በአንድ ሰው ስም ሁለትና ሦስት ሴት «ሚስቱ ነኝ» ብላ ስትመጣ ታያለች።

ይህ በቃል ክርክር አይፈታም። የሚፈታው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፍርድ ቤት ሄደው «የወራሽነት ማስረጃ ይሰጠኝ» ይላሉ። ይሰጣቸዋል። ያንን ይዘው ጡረታ ቢሮ ሲሄዱ አይበቃም ይባላሉ። ምክንያቱም ጡረታ የውርስ ንብረት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 828፣ በሰው ሞት ምክንያት ለቤተሰቡ የሚሰጥ ጡረታ በውርስ ሀብት ውስጥ አይገባም። አበሉ የሚሰጣችሁ ወራሽ ስለሆናችሁ ሳይሆን ሚስት ስለሆናችሁ ነው። ስለዚህ ከፍርድ ቤት የሚጠየቀው ውሳኔ ሁለት ነገር መያዝ አለበት። አንደኛ፣ በመካከላችሁ ሕጋዊ ጋብቻ እንደነበረ። ሁለተኛ፣ ጋብቻው እሱ እስከሞተበት ቀን ድረስ ሳይፈርስ እንደቆየ። የስም ችግር ካለ ደግሞ ጥሩወርቅ፣ ጥሩዬና ወለተ ሥላሴ አንድ ሰው መሆናቸው በዚያው ውሳኔ ይጻፍ።

እኔ ያቀረብኳቸው ምስክሮች ሰርጋችን ላይ የነበሩ ሚዜ፣ የንስሐ አባታችንና የእድራችን ዳኛ ናቸው። የእድሩ ዳኛ ምስክርነት ነው ጉዳዩን የቋጨው። «እድር መዝገባችን ላይ ባልና ሚስት ተብለው ነው የተመዘገቡት፤ የቀበርነውም እሷን ደረት አስመትተን ነው» አለ። የፍርድ ቤቱ ዳኛ ፈገግ ብለው መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ቤት ያላችሁ የክብር መዝገብ የጋብቻ ወረቀት ከሆነና ስሙም ካልተዛባ ይህን ሁሉ መንገድ አትሄዱም።

በመሀል አንድ የቤተሰብ ወሬ ተነሳ። የባለቤቴ ወንድም፣ ወንድም ጋሼ የምለው ሰው፣ «ጡረታው የሁላችንም ነው፣ ትልልቆቹ ልጆችም ይካፈላሉ» አለ። አልተጣላሁትም። ሁለት ገንዘብ እንዳለ ነው ያስረዳሁት። ባለቤቴ ሳይሞት በፊት ባንክ ውስጥ የነበረው ቁጠባ ውርስ አለበት፤ የእኔ የጋራ ሀብት ድርሻ ተነስቶ የእሱ ድርሻ ላይ ልጆቹ ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ መብት አላቸው። ለዚያ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ልጆቹም አወጡ። ከሞቱ በኋላ በየወሩ የሚታሰበው አበል ግን የእኔና የትንሿ ልጅ ብቻ ነው። ወንድም ጋሼ ለሳምንት አኮረፈ፣ ከዚያ ራሱ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሸኘኝ።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚጽፉት አንዱ ጋ ሄጄ ነበር። ሰውየው ጎበዝ ጸሐፊ ነው፣ አይካድም። ግን አንድ ሙሉ ገጽ ልቅሶ ጻፈልኝ። «የቤቴ ምሰሶ ወድቆ፣ ዓይኔ ታውሮ፣ ልጆቼ ተበትነው» ይላል። ልጆቼ አልተበተኑም፤ ዓይኔም ደህና ነው። የባለቤቴ የጡረታ መለያ ቁጥር ግን አንድም ቦታ የለም። ወረቀቱን የሚያየው ሠራተኛ ፋይል የሚያወጣው በኀዘኔ መጠን ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ከፈልኩት፣ ቤት ገባሁ፣ ከትንሿ ልጄ ጋር ሆነን እንደገና ጻፍነው። ያስገባሁት ይህን ይመስላል፤ ስሙንና ቁጥሩን እናንተ ሙሉት።

ቀን ______

ለጡረታ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ የተተኪ ጡረታ አበል እንዲወሰንልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ______ (ስም ከነአያት) በምሥራቅ ጎጃም ዞን አዋበል ወረዳ ሉማሜ ከተማ ቀበሌ ______ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ አቶ ______ (ስም ከነአያት) በመምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡና በጡረታ መለያ ቁጥር ______ በወር ብር ______ ሲከፈላቸው የቆዩ ሲሆኑ፣ ጥር ______ ቀን ______ ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ጋብቻችን በ______ ዓ.ም. የተፈጸመ ሲሆን እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ የጸና እንደነበር የአዋበል ወረዳ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር ______ በሰጠው ውሳኔ ተረጋግጧል። በሟች የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ «ጥሩዬ» ተብዬ የተመዘገብኩትም እኔው መሆኔ በዚሁ ውሳኔ ተገልጿል። ከሟች በኋላ ሌላ ጋብቻ አልመሠረትኩም።

ከሟች ጋር ያፈራናት ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላ ልጃችን ______ በእኔ አሳዳጊነት ሥር ትገኛለች።

ስለዚህ ለእኔና ለልጄ የተተኪ ጡረታ አበል ከየካቲት ወር ጀምሮ እንዲወሰንልንና ክፍያው በስሜ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ______ እንዲገባልን አመለክታለሁ። ከሞቱ በኋላ በሟች ሒሳብ የገባው የየካቲት ወር ክፍያ ብር ______ ያልተነካ መሆኑንም አሳውቃለሁ።

አባሪ፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሟች የጡረታ ደብተር፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአመልካች መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ

ስምና ፊርማ ______
ስልክ ______

የሆነው ይኸው ነው። አንድ ገጽም አይሞላም። ስለ አንዳንዱ መስመር ግን ጥቂት ልበል። «ሌላ ጋብቻ አልመሠረትኩም» የሚለውን ሳትጠየቁ ጻፉት። ገና ያልበረደ ኀዘን ላይ ሆኖ ይህን መጻፍ ያስቀይማል፣ እኔም ደስ አላለኝም። ካልተጻፈ ግን ጠርተው መጠየቃቸው አይቀርም። የየካቲቱን 4,200 ብር ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ሠራተኛዋ ሒሳቡን ስታይ ታገኘዋለች። እኔ ቀድሜ ከነገርኳት ተራ ማቻቻል ነው፤ ራሷ ካገኘችው የምርመራ ጉዳይ ይመስላል።

ልጅን በተመለከተ፣ የልጅቷን ድርሻ ለይቶ መጠየቅ አይረሳ። «ለእኔ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ለእናንተ ብቻ ሊወሰን ይችላል። ሟቹ ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጅ ካለም የልጅነት መብቱ ከእናንተ ልጅ እኩል ነው። ልጁን አትደብቁ። እናቱ በኋላ ማስረጃ ይዛ ስትመጣ የተወሰነው ሁሉ እንደገና ይከፈትና እናንተ የበላችሁት ይታሰባል።

ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ሌላው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመቱ። ይህን ስል የምትስቁ ሴቶች አላችሁ፤ «እዚያ ሁሉም ያውቀኛል» ትላላችሁ። እኔ አንድ ቀን ስሄድ «ፋይሉ አልተገኘም፣ እንደገና ያስገቡ» ተባልኩ። ማኅተም ያለበትን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው የመዝገብ ቤቱ ልጅ ቁጥሩን አየና ጓዳ ገባ። ሻይ የማይጠጣበት ጊዜ ውስጥ ፋይሉን ይዞ ወጣ። የፍርድ ቤት ውሳኔውን ዋናውን አትስጡ፤ ከዋናው ጋር ተገናዝቦ ኮፒው ይቀመጥ፣ ዋናው ይመለስላችሁ።

ውሳኔው በሰኔ መጣ። የውሳኔ ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ቦታ እዩ። የእሱ የመጨረሻ አበል በትክክል ተጽፏል ወይ? በቅርብ ጊዜ ጭማሪ ተደርጎለት ከነበረ አሮጌው ቁጥር ተወስዶ ግማሹ የሚሰላበት ጊዜ አለ። አበሉ የሚጀምርበት ወር ከሞተበት ወር ቀጥሎ ያለው ነው ወይ? የልጅቷ ድርሻ ለብቻው ተጠቅሷል ወይ?

የእኔ እንዲህ ነበር። ከየካቲት እስከ ሰኔ አምስት ወር፣ በወር 2,940 ብር፣ ውዝፉ 14,700 ብር ሆነ። ከዚህ ላይ በባለቤቴ ሒሳብ የገባው የየካቲቱ 4,200 ብር ተቀነሰ። በእኔ ሒሳብ 10,500 ብር ገባ። ከሐምሌ ጀምሮ 2,940 ብር በየወሩ ይገባል። ልጄ 18 ሲሞላት የእሷ 840 ብር ይቆማል፤ ወደ እኔ አይታከልም። የእኔ 2,100 ግን ይቀጥላል። ይህን ከወዲሁ ለልጄ ነግሬአታለሁ፣ እሷም «ያኔ እኔ እደምርልሻለሁ» ብላ ሳቀችብኝ።

ስለ መዘግየት ደግሞ፣ «ኀዘኔ ይብረድልኝ፣ ዓመቱ ይለፍ» የምትሉ ካላችሁ አበላችሁ አይጠፋም፤ ውዝፍ ክፍያ ግን ይርጋ አለው። ዓመታት ካለፉ በኋላ የሄደ ሰው የኋላውን ሁሉ ላያገኝ ይችላል። ባላችሁ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሆን የግል ድርጅት ሠራተኛ ከነበረ አካሄዱ ይመሳሰላል፤ የምታመለክቱበት መሥሪያ ቤት ግን የተለየ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የሚያስተዳድረው የራሱ አስተዳደር አለ። ደብተሩ ላይ የማን ማኅተም እንዳለ ካያችሁ አትሳሳቱም።

ጥያቄያችሁን ካልተቀበሉት በቃል «አይሆንም» ተብላችሁ አትመለሱ። ምክንያቱ ተጽፎ፣ ቁጥርና ማኅተም ኖሮት ይሰጠኝ በሉ። በማኅበራዊ ዋስትና ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚያይ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለ። እዚያ ይዛችሁ የምትቀርቡት ያንን ወረቀት ነው። የይግባኝ ጊዜውም ገደብ ስላለው፣ ደብዳቤው የደረሳችሁን ቀን በእጃችሁ ጠርዙ ላይ ጻፉበት።